በምህዋር ላይ ክብደት የት ይሄዳል? ስለ ሳተላይት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ፊዚክስ ሳስጠና ስለ ሳተላይት የሚነሱት ጥያቄዎች ብዙም አይለያዩም። ዲሽ የሚያስተካክሉ ልጆችም አንዳንዴ ያንኑ ይጠይቁኛል። መልሶቹን እዚህ ሰብሰብ አድርጌያቸዋለሁ። የማወራው ስለ ክብ ምህዋር ብቻ ነው፤ ሞላላው ምህዋር ሌላ ጊዜ ይቆየን። አንዱ መልስ በሌላው ላይ ስለሚቆም ከላይ ጀምሮ ማንበቡ ይሻላል።

ጠፈርተኞች የሚንሳፈፉት እዚያ ላይ ስበት ስለሌለ ነው?

አይደለም። ስበት በደንብ አለ።

ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚዞረው ከምድር ገጽ 400 ኪሎሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው። ከጅማ አዲስ አበባ ያለው የመኪና መንገድ 350 ኪሎሜትር ያህል ነው። ጣቢያው ከዚያ ብዙም አይርቅም ማለት ነው። ስበት ደግሞ የሚሰላው ከመሬት መሃል ባለው ርቀት እንጂ ከመሬት ገጽ ባለው ከፍታ አይደለም። ከመሬት መሃል እስከ እኛ 6,371 ኪሎሜትር አለ። እስከ ጣቢያው 6,771 ኪሎሜትር ነው። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ስበቱም የሚቀንሰው በትንሹ ነው።

እዚህ ታች አንድ ነገር ስትለቁት በየሰከንዱ ፍጥነቱ በ9.8 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል። እዚያ ከፍታ ላይ በ8.7 ይጨምራል። ከመቶ 89 እጁ አለ ማለት ነው። እንዲያውም ስበት ባይኖር ኖሮ ጣቢያው አይዞርም ነበር። ቀጥ ባለ መስመር ሄዶ ይጠፋ ነበር።

ታዲያ ክብደታቸው የት ሄደ?

መጀመሪያ ክብደት ሲሰማን የሚሰማን ምን እንደሆነ እንለይ። ስበት እያንዳንዱን የሰውነታችንን ክፍል እኩል ስለሚጎትት ብቻውን ሲሆን አይሰማንም። የሚሰማን ወለሉ ከስር ወደ ላይ ሲገፋን ነው። ወንበር ላይ ስንቀመጥ ወንበሩ ይገፋናል። ሚዛን ላይ ስንቆም ሚዛኑ የሚያነበው እግራችን እሱን የሚጫንበትን ኃይል ነው። የሚገፋ ነገር ከሌለ ሚዛኑም ዜሮ ያነባል፤ እኛም ክብደት አይሰማንም።

ጅማ ላይ ቡና ሲጫንና ሲራገፍ ያየ ሰው ይሄ አይከብደውም። ስልሳ ኪሎ ጆንያ የተሸከመ ወዛደር ከአይሱዙ ላይ ቢዘል፣ አየር ላይ ባለበት ቅጽበት ጆንያው ጀርባውን አይጫነውም። የጆንያው ቡና አልቀነሰም፤ ስበቱም አልተቋረጠም። ሰውየውና ጆንያው እኩል እየወደቁ ስለሆነ አንዱ ሌላውን የሚጫንበት ምክንያት የለም። እግሩ መሬት ሲነካ ግን ጭነቱ በአንዴ ይመለሳል።

ሳተላይት ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ጣቢያው፣ ጠፈርተኛው፣ ከእጁ ያመለጠው እስክሪብቶ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ወደ መሬት ይወድቃሉ። ወለሉ ከጠፈርተኛው እግር ስር እኩል ስለሚወርድ ሊገፋው አይችልም። ስለዚህ ይንሳፈፋል።

የጠፋው ክብደት ነው፤ መጠነ ቁስ አልጠፋም። አንድ ቶን የሚመዝን ዕቃ እዚያም ቢሆን በቀላሉ አይንቀሳቀስም፤ አንዴ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ በቀላሉ አይቆምም። በግድግዳና በእሱ መሃል እጁን ያስገባ ሰው ይጎዳል።

የሚወድቅ ከሆነ ለምን መሬት አይደርስም?

ጥያቄ ሁሉ የሚቋጨው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። አንድ ሰከንድ ብቻ ወስደን እናስላ።

ጣቢያው ባለበት ከፍታ ከእረፍት የተለቀቀ ነገር በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወርደው የ8.7ን ግማሽ ነው፤ 4.35 ሜትር። ወደ ጎን እየሄደ ቢሆንም ያው 4.35 ሜትር ይወርዳል። የጎን ጉዞ መውደቅን አይከለክልም። ጣቢያው በዚያው ሰከንድ ወደ ጎን 7.67 ኪሎሜትር ይሄዳል።

አሁን ክቡን እንየው። ከክቡ ላይ ተነስታችሁ ቀጥ ባለ መስመር 7.67 ኪሎሜትር ብትሄዱ ክቡ ወደ ታች ስለሚታጠፍ ከስራችሁ ትንሽ ይሸሻል። ምን ያህል? ለአጭር ርቀት ስሌቱ ቀላል ነው። የሄዳችሁትን ርቀት በራሱ አባዙት፤ ከዚያ ለራዲየሱ እጥፍ አካፍሉት።

```
(7,673 × 7,673) ÷ (2 × 6,771,000) = 4.35 ሜትር
```

ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ናቸው። ጣቢያው 4.35 ሜትር ወደቀ፤ ክቡም ከቀጥታው መስመር 4.35 ሜትር ወረደ። ስለዚህ ጣቢያው አሁንም ክቡ ላይ ነው፤ ከመሬት ያለው ርቀት አልተቀየረም። በሚቀጥለው ሰከንድም ያው ይደገማል። ያለማቋረጥ ይወድቃል፤ ግን ወደ መሬት አይቀርብም።

ፍጥነቱ በሰከንድ 7 ኪሎሜትር ቢሆን ኖሮስ? በአንድ ሰከንድ ክቡ የሚወርደው 3.62 ሜትር ብቻ ይሆናል። ጣቢያው ግን የሚወድቀው ያው 4.35 ሜትር ነው። ከክቡ 73 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ይሄ እየተጠራቀመ ሲሄድ ወፍራሙ አየር ውስጥ ይገባና ነገሩ ያበቃል። በሰከንድ 8.5 ኪሎሜትር ቢሄድ ደግሞ ክቡ 5.34 ሜትር ይወርድና ጣቢያው አንድ ሜትር ያህል ከክቡ በላይ ይቀራል። ከዚያ መንገዱ ሞላላ ይሆናል። ለዚህ ክብ የሚሆነው ፍጥነት አንድ ብቻ ነው።

መምህራችን «ሴንትሪፉጋል ኃይል ስበትን ስለሚያመጣጥነው ነው» ብለውናል። ትክክል ነው?

እንዲህ የሚለው አነጋገር ብዙ ተማሪ ያደናግራል። ሁለት እኩልና ተቃራኒ ኃይሎች አንድ ነገር ላይ ካረፉ ያ ነገር ወይ ይቆማል ወይ ቀጥ ባለ መስመር ይሄዳል። ሳተላይት ግን አቅጣጫው በየቅጽበቱ ይታጠፋል። የሚታጠፈው ያልተመጣጠነ ኃይል ስላለ ነው፤ ያም ኃይል ስበት ነው።

ከሳተላይቱ ጋር አብሮ የሚዞር ሰው ከራሱ እይታ ሲያሰላ ሴንትሪፉጋል ኃይል የሚባለውን ይጨምራል። ያ ስሌት ስህተት የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ከመሬት ሆኖ የሚያይ ሰው ስዕል ላይ ስትጨምሩት ነው። ፈተና ላይ የኃይል ስዕል ሳሉ ከተባላችሁ ወደ መሬት መሃል የሚያመለክት አንድ ቀስት በቂ ነው።

ፍጥነቱ ከራዲየሱ ጋር እንዴት ይያያዛል?

ከላይ ያደረግነውን እኩልነት በፊደል ብንጽፈው ይወጣል። ክቡ በአንድ ሰከንድ የሚወርደው v²/2r ነው። ሳተላይቱ የሚወድቀው g/2 ነው። እኩል ሲሆኑ v² = gr ይሆናል። እዚህ ላይ g የዚያ ከፍታ ስበት እንጂ 9.8 አይደለም። እሱም ከራዲየስ ካሬ ጋር ይቀንሳል፤ GM/r² ነው። ስናስገባው፦

```
v = √(GM/r)

GM = 398,600 ኪ.ሜ³/ሰከንድ²

r = 6,771 ኪ.ሜ   →  v = 7.67 ኪ.ሜ/ሰከንድ
r = 42,164 ኪ.ሜ  →  v = 3.07 ኪ.ሜ/ሰከንድ
```

ራዲየሱ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ ይቀንሳል። ግን በእኩል መጠን አይደለም። ፍጥነቱ በግማሽ እንዲቀንስ ራዲየሱ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ምክንያቱን ሳታሰሉም ማየት ይቻላል። ከፍ ሲል ስበቱ ስለሚላላ ሳተላይቱ በአንድ ሰከንድ የሚወድቀው ያንሳል። ያንን ትንሽ ውድቀት ብቻ የሚያህል የክብ መታጠፍ ለማግኘት ደግሞ ቀስ ብሎ መሄድ ይበቃዋል። ጨረቃ 384,400 ኪሎሜትር ርቀት ላይ በሰከንድ አንድ ኪሎሜትር ገደማ ብቻ የምትሄደው ለዚህ ነው።

ከባድ ሳተላይት የበለጠ መፍጠን አለበት?

የለበትም። ቀመሩ ውስጥ ያለው M የመሬት መጠነ ቁስ ነው፤ የሳተላይቱ የለበትም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ወደ ህዋ የተላከችው የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ወደ 70 ኪሎ ትመዝን ነበር። የጠፈር ጣቢያው ወደ 420 ቶን ነው። ሁለቱን አንድ ከፍታ ላይ ብናደርጋቸው በአንድ ዓይነት ፍጥነት ይዞራሉ። ለመንሳፈፍም ምክንያቱ ይኸው ነው። ትልቁም ትንሹም እኩል ባይወድቅ ኖሮ እስክሪብቶው ከጠፈርተኛው ተለይቶ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር።

በሒሳቡ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስህተት ምንድን ነው?

በ r ቦታ ከፍታውን ማስገባት። ጥያቄው «400 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ» ይላል፤ ተማሪው r = 400 ብሎ ይጀምራል። ውጤቱ በሰከንድ 31.6 ኪሎሜትር ይወጣል። ስህተቱን እንዴት ማወቅ ይቻላል? ከመሬት ገጽ ተነስቶ ከስበቷ ለማምለጥ የሚበቃው ፍጥነት በሰከንድ 11.2 ኪሎሜትር ነው። በ31.6 የሚሄድ ነገር መሬትን አይዞርም፤ ጥሏት ይሄዳል። በመሬት ዙሪያ የሚሄድ የክብ ምህዋር ፍጥነት ከ7.9 በላይ ከወጣላችሁ አንድ ነገር ተሳስቷል። 7.9 ልክ በመሬት ገጽ ከፍታ የሚዞር ነገር ፍጥነት ነውና ከእሱ የሚበልጥ የለም።

ሌላው ስህተት መለኪያን መቀላቀል ነው። GMን በሜትር ይዛችሁ ራዲየሱን በኪሎሜትር ብታስገቡ መልሱ ከ30 እጥፍ በላይ ይዛባል።

ከፍ ያለው ዝግ ብሎ የሚሄድ ከሆነ እዚያ ለመድረስ ለምን ተጨማሪ ነዳጅ ያስፈልጋል?

በጣም የምወደው ጥያቄ ነው፤ የጠየቀችኝም ተማሪ ቀመሩን በደንብ ስለገባት ነው የጠየቀችው። በሰከንድ ከ7.67 ወደ 3.07 መውረድ ከሆነ ፍሬን መያዝ አይበቃም ወይ?

አይበቃም፤ ፍሬን ብትይዙ ትወርዳላችሁ። መንገዱን ደረጃ በደረጃ እንየው። 400 ኪሎሜትር ላይ በ7.67 የሚሄድ መንኮራኩር ሞተሩን ወደፊት አስነስቶ ፍጥነቱን ወደ 10.07 ያደርሳል። ሞተሩን ካጠፋ በኋላ ወደ ላይ ይወጣል። እየወጣ ሲሄድ ስበት ወደ ኋላ እየጎተተ ያዘገየዋል። ከአምስት ሰዓት ከሩብ ያህል በኋላ 42,164 ኪሎሜትር ራዲየስ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ 1.62 ብቻ ቀርቶለታል። ይሄ ለዚያ ክብ ያንሳል። ስለዚህ እንደገና ሞተሩን አስነስቶ ወደ 3.07 ያሳድገዋል። ሁለቱም ጊዜ የገፋው ወደፊት ነው፤ ግን መጨረሻ ላይ ከተነሳበት ዘገምተኛ ሆኖ ተገኘ። የጨመረው ጉልበት ሁሉ፣ ከነበረው ፍጥነት ላይም ተወስዶ፣ ከፍታ ለመውጣት ዋለ።

ተቃራኒውም እውነት ነው። 400 ኪሎሜትር ላይ ጥቂት አየር አለ። በጣም ስስ ነው፤ ግን ጣቢያውን በየጊዜው ዝቅ ያደርገዋል። አየሩ ያዘገየዋል ብላችሁ ብትጠብቁም ፍጥነቱ ይጨምራል። ከ400 ወደ 390 ኪሎሜትር ሲወርድ በሰከንድ ስድስት ሜትር ያህል ፈጠን ይላል። አየሩ ጉልበቱን ወስዶበታል፤ ሲወርድ የሚያገኘው ፍጥነት ግን ከወሰደበት ይበልጣል። ለዚህ ነው ጣቢያው በየተወሰነ ጊዜ በሞተር ተገፍቶ ወደ ላይ የሚመለሰው።

ይሄ ነገር በተግባር ሰውን አስቸግሯል። እ.ኤ.አ. በ1965 የአሜሪካው መንኮራኩር የጄሚኒ 4 አዛዥ ጄምስ ማክዲቪት ከፊታቸው ወዳለው የሮኬታቸው ክፍል ለመጠጋት ሞክሮ ነበር። እንደ አውሮፕላን አብራሪ አፍንጫውን ወደ እሱ አዙሮ ገፋ። መግፋቱ ምህዋሩን ከፍ ስላደረገው ወደ ኋላ ቀረ። ነዳጅ ስለባከነ ሙከራው ተቋረጠ። ከፊት ያለውን ለመያዝ መጀመሪያ ፍጥነት ቀንሶ ዝቅ ማለት፣ በታችኛው ፈጣን ምህዋር ማሳደድ፣ ከዚያ ከፍ ማለት ያስፈልጋል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ጄሚኒ 6 እና ጄሚኒ 7 በዚህ ስሌት ተገናኙ።

እዚያ ያለው ክብደት አልባነት ፍጹም ነው?

ፍጹም አይደለም፤ ምክንያቱም ከዚሁ ቀመር ይወጣል። ለእያንዳንዱ ራዲየስ አንድ ፍጥነት ብቻ ነው ያለው። ጣቢያው ግን ትልቅ ነው። ሙሉው አካል በአንድ ላይ ስለሚጓዝ ትክክለኛውን ፍጥነት የያዘው የክብደት ማዕከሉ ያለበት ቦታ ብቻ ነው። ከማዕከሉ አንድ ሜትር ወደ ላይ ያለ እስክሪብቶ ለራዲየሱ ትንሽ ፈጥኗል፤ ስለዚህ ከመሬት ለመራቅ ያዘነብላል። ወደ ታች ያለው ደግሞ ወደ መሬት ያዘነብላል። መጠኑ ለአንድ ሜትር ርቀት እዚህ ታች የምናውቀው ስበት ለ2.5 ሚሊዮን ተካፍሎ የሚገኘውን ያህል ነው። ሰው አይሰማውም። ጥንቃቄ የሚሻ የክሪስታል ወይም የፈሳሽ ሙከራ የሚሠሩ ሰዎች ግን መሣሪያቸውን የት እንደሚያስቀምጡ ሲመርጡ ያስቡበታል።

የቲቪ ሳተላይት ለምን አይንቀሳቀስም? ዲሻችን አንዴ ከተስተካከለ ዓመት ሙሉ ይሠራል።

ይንቀሳቀሳል፤ በሰከንድ 3.07 ኪሎሜትር። ግን መሬትም ከስሩ እየዞረች ስለሆነ እኩል ይሄዳሉ።

የጠፈር ጣቢያው አንድ ዙር የሚጨርሰው በ92.4 ደቂቃ ነው። የቲቪ ሳተላይቱ ራዲየስ ከጣቢያው 6.23 እጥፍ ስለሆነ መንገዱም 6.23 እጥፍ ይረዝማል። ፍጥነቱ ደግሞ በ2.5 እጥፍ ያንሳል። መንገዱ ረዝሞ፣ ጉዞው ዘግይቶ፣ በድምሩ 15.54 እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። 92.4ን በዚህ ብታባዙት 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገደማ ይመጣል። መሬት ከከዋክብት አንጻር በራሷ ዛቢያ አንዴ የምትዞርበት ጊዜ ልክ ይኸው ነው። የዙር ጊዜ ካሬ ከራዲየስ ኩብ ጋር እንደሚሄድ ኬፕለር ፕላኔቶችን አይቶ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1619 ነው፤ ሕጉ ለሳተላይትም ይሠራል።

ይሄ ጊዜ የሚገኘው በአንድ ራዲየስ ላይ ብቻ ነው። ትንሽ ዝቅ ያለ ሳተላይት መሬትን ቀድሞ ወደ ምሥራቅ ይንሸራተታል። ትንሽ ከፍ ያለው ወደ ምዕራብ ይቀራል። በሁለቱም ዲሻችሁ ምልክቱን ያጣል።

ልክ ከጅማ አናት በላይ የሚቆም ሳተላይት ማድረግ አይቻልም?

አይቻልም። ስበት የሚጎትተው ወደ መሬት መሃል ስለሆነ የምህዋሩ ክብ ማዕከልም የመሬት መሃል መሆን አለበት። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7.7 ዲግሪ ላይ ናት። ከጅማ በላይ ብቻ ቆሞ ከመሬት ጋር የሚዞር ነገር ክቡ ማዕከሉን የሚያደርገው ከመሬት መሃል በስተሰሜን ነው። ወደዚያ የሚጎትት ኃይል የለም። ማዕከሉን የመሬት መሃል አድርጎ በጅማ በላይ እንዲያልፍ የተዘነበለ ምህዋር ያለው ሳተላይት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይወዛወዛል። የሚቆመው በትክክል ከምድር ወገብ በላይ ያለው ብቻ ነው።

ስለዚህ ጅማ ላይ ያለ ዲሽ ሁሌም ትንሽ ወደ ደቡብ ማዘንበል አለበት። ኢትዮሳት የሚተላለፍበት ሳተላይት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ነው፤ ጅማ ደግሞ በ36.8 ላይ ናት። ሲሰላ ሳተላይቱ ከትክክለኛው ምሥራቅ 20 ዲግሪ ወደ ደቡብ ዞሮ፣ ከአድማስ 65 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። በ7 ዲግሪ ምዕራብ ያለው ናይልሳት በተቃራኒው በምዕራብ በኩል ነው፤ ከፍታው 39 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። በዚያ አቅጣጫ ረጅም ባሕር ዛፍ ወይም የጎረቤት ፎቅ ካለ ቀድሞ የሚጋረደው ናይልሳት ነው።